«ልብስ»ን «ለበሰ» ብሎ ያነበበው ልጅ

«ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እማራለሁ። በንባብ ወደ ኋላ ስለቀረ አንድ ተማሪ ኬዝ ስተዲ ሠርታችሁ አምጡ ተብለን፣ ከኅዳር እስከ ጥር አንድ ልጅ ከክፍል ሰዓት ውጭ አስነበብኩ። ኅዳር ላይ በሰጠሁት ፈተና ከ10 4 አመጣ፤ ጥር ላይ 7። 12 ገጽ ጽፌ ባስገባ አማካሪዬ ‹ይህ የልጁ ታሪክ እንጂ ኬዝ ስተዲ አይደለም። መረጃው የታለ? ለውጡን ያመጣው ያንቺ ድጋፍ መሆኑንስ በምን አወቅሽ?› ብለው መለሱልኝ። ልጁ እንደተሻሻለ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የጎደለውን ቁጥር አሟልቼ ልመልሰው ወይስ እንደ አዲስ ልጀምር?
መምህርቷ፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። ኅዳር ላይ ያልለካሽውን ዛሬ ገምተሽ አትሙይ። ልጁ ያኔ በደቂቃ ስንት ቃል ያነብ እንደነበር አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አንዱ ቁጥር የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ እውነተኛው ድካምሽም አብሮ ይጠረጠራል። ይልቅስ የልጁን ደብተር ጠይቂው። ከኅዳር ጀምሮ የጻፈው ዲክቴሽን ቀኑ ከላይ ተጽፎበት ካለ እርሱ መረጃ ነው። የትኛውን ፊደል በየትኛው ፊደል እየተካ እንደሚሳሳት ከዚያ ላይ ቆጥረሽ ማውጣት ትችያለሽ።

የቀረውን እንደ አዲስ ጀምሪው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይበቃሻል። ልጁ ዛሬ ያለበት ቦታ መነሻሽ ይሆናል፤ በኅዳር ያመጣው 4 እና በጥር ያመጣው 7 የልጁን የኋላ ታሪክ በምትጽፊበት ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይዘው ይቀመጡ። ከዚያ በላይ ሊሸከሙ አይችሉም። ፈተናው ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ከነበረ ልጁ ጥያቄዎቹን አስታውሷቸው ይሆናል፤ የተለያየ ከነበረም ሁለተኛው ቀልሎት ይሆናል። በእነዚያ ወራት ክፍል ውስጥም ሲማር ነበር፣ ቤትም ታላቅ እህቱ አስጠንታው ሊሆን ይችላል። አማካሪሽ ትክክል ናቸው፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺው ተመልሶብኝ ስለማውቅ፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አንድ ልጅ ጉዳይ ከነቁጥሩ ልንገርሽ።

ምናሉ ልበለው፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ማንነቱን የሚያሳብቀውንም ለውጬዋለሁ። ጣና ዳር በሚገኝ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ነበር፣ 9 ዓመቱ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሐይቁ ዳር ሲውል አፈ ጮሌ ነው፤ ደንገል እንዴት ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ ታንኳ እንደሚሆን ተረት እንደሚነግር ሽማግሌ ያወራልሻል። የፊደል ገበታውንም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ዜማ ይወርደዋል። በዚህ ምክንያት ከእኔ በፊት ያስተማሩት መምህራን «ፊደል ያውቃል፣ ንባብ ነው ያቃተው» ብለው ነበር ያሳለፉት።

አንድ ቀን ካርድ ላይ «ብ» ብቻዋን ጽፌ አሳየሁት። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጆሮዬን ባስጠጋ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ...» እያለ በሹክሹክታ ይቆጥራል፤ ጣቶቹንም ጭኑ ላይ አንድ በአንድ ያጥፋል። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ብ!» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው። ፈተና ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ያገኝበታል። ግን አንዷን ፊደል እስኪያገኛት 7 ሰከንድ ፈጀበት፤ ባለ አራት ፊደል ቃል ሲገጥመው የመጨረሻዋ ላይ እስኪደርስ የመጀመሪያዋ ከአእምሮው ትጠፋለች።

እንግዲህ ያንቺም ጥናት የሚጀምረው እዚህ ነው። «ደካማ ነው» ከሚለው ቃል ወጥተሽ፣ የሚሰበርበትን ቦታ ማግኘት አለብሽ።

ከመለካቴ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። አንደኛው ዓይንና ጆሮ ነው። ትራኮማ በክልላችን ተስፋፍቶ የኖረ በሽታ ስለሆነ ዓይኑን የሚያሽ፣ ሰሌዳ ሲያይ የሚያጨፈግግ ልጅ ካለሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። የምናሉ ዓይን ደኅና ነበር። ሁለተኛው የቤት ቋንቋ ነው። ከአዊ የመጣና ቤቱ አዊኛ የሚናገር ልጅ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ይህንን ለመለየት አጭር ታሪክ እኔ አንብቤለት 5 ጥያቄ ጠየቅኩት፤ 4ቱን መለሰ። ስለዚህ ቋንቋውንም፣ ማስተዋሉንም ይዟል። ጉድለቱ ጽሑፉን ወደ ድምፅ መለወጡ ላይ ነው። ይህች የማዳመጥ ፈተና 10 ደቂቃ አትፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን ይዘላታል፣ ከዚያም የፊደል ችግር ላለበት ልጅ የመረዳት መልመጃ ሲሰጥ ይከርማል።

ከዚያ መነሻ ልኬት ወሰድኩ፤ ሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። አንድ ቀን ብቻ መለካት አይበቃም። ልጁ የመጀመሪያ ቀን ይፈራል፤ በሁለተኛው ፍርሃቱ ሲለቀው ቁጥሩ ራሱ ከፍ ይላል፣ አንቺም ያንን የድጋፍሽ ፍሬ አድርገሽ ትቆጥሪዋለሽ። የለካሁት ሦስት ነገር ነው፦ የተዘበራረቁ 100 ፊደላት በአንድ ደቂቃ፣ 50 የተናጠል ቃላት በአንድ ደቂቃ፣ እና አጭር ምንባብ በአንድ ደቂቃ፣ ከ5 ጥያቄ ጋር። የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በምሕጻሩ ኢግራ የሚባለው፣ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ መሣሪያው እጅሽ ባይገባም ዘዴውን መከተል ትችያለሽ። ፊደላቱ የግድ መዘበራረቅ አለባቸው፤ በተራቸው ከተደረደሩ የምትለኪው ዜማውን ነው።

ስትቆጥሪ ደንብሽን አስቀድመሽ ጻፊና ከዚያ አትውጪ። የእኔ ደንብ ይህ ነበር። 3 ሰከንድ ዝም ካለ «ቀጥል» እላለሁ፣ ስሕተት ይቆጠራል። ራሱን ካረመ ትክክል ነው። «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» መለየት አይጠበቅበትም፣ ድምፃቸው አንድ ነውና። የሰፈሩ አነጋገር ስሕተት አይደለም። «ገና»ን ላልቶ ሊነበብ በሚገባው ቦታ አጥብቆ ቢያነበው ለብቻው ምልክት አደርጋለሁ እንጂ ነጥብ አልቀንስም፤ ጽሑፋችን መጥበቅን ስለማያሳይ ያ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ከመያዝ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 በሙሉ ከሳተ ፈተናውን አቆማለሁ፣ ልጅ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ሲወድቅ መቀመጥ የለበትም። ሰዓቱ ሳይሞላ የጨረሰ እንደሆነ ስሌቱ ትክክል ያነበበው ሲካፈል ለፈጀው ሰከንድ፣ ሲባዛ በ60 ነው፤ 36 ቃል በ50 ሰከንድ ያነበበ ልጅ በደቂቃ 43 ቃል አነበበ ማለት ነው።

ምንባቡ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ግን ልብ በዪው። የመጀመሪያውን ምንባብ «ልጁ ደስ ይበለው» ብዬ ስለ ቀረሶና ስለ አምባዛ፣ ስለ ታንኳም ጻፍኩት። በደቂቃ 8 ቃል ብቻ አነበበ፣ ከ5ቱ ጥያቄ ግን 4ቱን መለሰ! ቆይቼ ሲገባኝ ጥያቄዎቹን ሳያነብም ይመልሳቸው ነበር። «ዓሣ አጥማጁ በምን ተሳፈረ?» ብለሽ የጣና ዳር ልጅ ብትጠይቂ ምን እንዲልሽ ትጠብቂያለሽ? የለካሁት ሐይቁን ማወቁን ነው። ያንን ውጤት ሰርዤ፣ ከክፍሉ መጽሐፍ ገና ካልተማሩት ምዕራፍ ሌሎች ምንባቦች ወሰድኩ፤ ርዝመታቸውን አስተካከልኩ፣ ጥያቄዎቹንም ምንባቡን ላላነበቡ ሦስት ልጆች አስቀድሜ ጠየቅኩ። ሳያነቡ የመለሱትን ጥያቄ አወጣሁት። አንቺም ይህንን አድርጊ፤ ሦስቱን ልጆች ከዚያ በኋላ ምንባቦቹን አስነብቢያቸው። አንዱ ምንባብ ላይ ሁሉም ከተንገዳገዱ ያ ምንባብ ከሌሎቹ ከብዷል ማለት ነውና ቀይሪው።

የሦስቱ ቀን ውጤት እንዲህ ወጣ። ፊደል በደቂቃ 22፣ 25፣ 23። ቃል 6፣ 7፣ 7። ምንባብ 8፣ 9፣ 8፤ ከ5 ጥያቄ 0፣ 1፣ 0። ቁጥሮቹ ወደ ላይ እየወጡ አይደሉም፤ መጀመር እችላለሁ ማለት ነው።

ግን እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ምን ላስተምረው እንዳለብኝ አልነገሩኝም። የነገረኝ የስሕተቱ መዝገብ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሞከራቸው 19 ቃላት 12ቱን ሳተ፤ እኔ ወረቀቴ ላይ × ብቻ ሳላደርግ ያለውን እንዳለ ጻፍኩት። «ልብስ»ን «ለበሰ» አለ። «ምግብ»ን «መገበ»። «ክብር»ን «ከበረ»። ከ12ቱ 9ኙ እንዲህ ናቸው፤ ሳድሱን ሁሉ ወደ ግዕዝ መልሶ ያነበዋል። ተራውን ለመቁጠር ጊዜ ሲያጥረው የቤተሰቡን አውራ ይጠራል። እውነተኛ ቃል ስለሚወጣለትም ስሕተቱ አይታወቀውም፤ «ለበሰ» ቃል ነው፣ «መገበ»ም ቃል ነው።

ለማረጋገጥ 10 የፊደል ቤተሰብ ወስጄ ሰባቱንም በካርድ፣ ዘበራርቄ፣ በ3 ሰከንድ ሳይቆጥር እንዲል ጠየቅኩት። ግዕዙን 10 ከ10 አለ። ራብዑን 9። ኃምሱን 6። ሳድሱን 2።

ሳድስ ሲጎድል ምን እንደሚጎድል ለማየት ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ውሰጂ። «ልጁ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ያጠምዳል»። 15 ፊደል አለው፤ ሳድሶቹን ቁጠሪያቸው፣ 8 ናቸው። ይህ ልጅ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ያህሉ ተሸፍኖበት ነበር የሚያነበው።

አሁን የድጋፉን ነገር ላምጣ፤ የአማካሪሽ ሁለተኛ ጥያቄም የሚመለሰው እዚህ ነው። ሳድሶቹን አንድ ላይ አላስተማርኩም። 18 መርጬ በሦስት ምድብ ከፈልኳቸው። የመጀመሪያው ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ብ፣ ት። ሁለተኛው ን፣ ክ፣ ድ፣ ግ፣ ቅ፣ ው። ሦስተኛው ሽ፣ ች፣ ይ፣ ዝ፣ ጥ፣ ፍ። ሦስት ሦስት ሳምንት እየሰጠሁ በየተራ አስተማርኳቸው፤ ዓርብ ዓርብ ግን ሦስቱንም ምድብ፣ ያልተማረውንም ጨምሬ፣ እፈትነዋለሁ። እያንዳንዷ ፊደል በሁለት ካርድ ስላለች የአንድ ምድብ ሙሉ ነጥብ 12 ነው። በዓርቡ ፈተና ላይ አላርመውም፣ «ጎበዝ»ም አልልም።

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ምክንያቱም ልጁ ዝም ብሎ በዕድሜና በክፍል ትምህርት እየተሻሻለ ከሆነ ሦስቱም ምድቦች አብረው ከፍ ይላሉ። የተማረው ብቻ ተነሥቶ ያልተማረው ባለበት ከቆመ፣ ከዚያም እርሱን ማስተማር በጀመርሽበት ሳምንት እርሱም ከተነሣ፣ ያነሣው ትምህርቱ ነው ለማለት አፍሽን ሞልተሽ ትናገሪያለሽ። በአንድ ልጅ ላይ፣ ያለ ሌላ ማነጻጸሪያ ክፍል፣ ይህ በእጅሽ ያለ ጠንካራው መንገድ ነው።

ሳድስን ለዚህ ማዋል የተቻለው ቅርጹ ከቤተሰብ ቤተሰብ ስለሚለያይ ነው። ል፣ ር፣ ት እና ን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው፤ አንዷን ማወቅ ለሌላዋ አይተርፍም። ኃምስ ቢሆን ኖሮ አይሆንልኝም ነበር። እግሩ ላይ ያለችውን ቀለበት በ«ሌ» ያወቀ ልጅ በ«ቤ»ም በ«ሴ»ም ያውቃታል፣ ሦስቱም ምድቦች በአንድ ቀን ይከፈቱና ማነጻጸሪያሽ ይጠፋል። ያንቺ ልጅ የሚሰናከለው ኃምስ ላይ ከሆነ እሰየው፣ ቶሎ ይማረዋል፤ ለጥናቱ ግን ሌላ መከፋፈያ ፈልጊ።

ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ የጠዋት ፈረቃ ሲለቀቅ 20 ደቂቃ ነበር። መጀመሪያ ጥንዶቹን በካርድ አሳየዋለሁ፣ ለ እና ል፣ በ እና ብ፤ በቀን ከሁለት አዲስ አላስገባም። እኔ እላለሁ፣ አብረን እንላለን፣ ብቻውን ይላል። የፊደል ገበታው ከጀርባው እንዲሆን አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ከንፈሩ መቁጠር ሲጀምር ካርዱን ሸፍኜ ድምፁን እሰጠዋለሁና እንደገና አሳየዋለሁ፤ ቆጥሮ ማግኘቱን ማስለቀቅ ነበር ዋናው ሥራ። ከዚያ በካርዶቹ ቃል እንገነባለን። «ለበሰ»ን ይዘረጋል፣ አንብቦ ትርጉሙን ይነግረኛል፤ ሦስቱንም ካርድ በሳድሳቸው እንዲቀይር አደርጋለሁ፣ «ልብስ» ይሆናል። «ለበሰ» አድራጎት፣ «ልብስ» ዕቃ መሆኑን ሲያይ ቅርጹ የትርጉም ጉዳይ እንደሆነ ገባው። ለጥቆ እነዚያ ቃላት ያሉባቸው ሦስት ወይም አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያነባል፣ በመጨረሻ 4 ቃል ዲክቴሽን ይጽፋል።

በዘጠኙ ሳምንት 36 ክፍለ ጊዜ አቅጄ 31 አስተማርኩ። ሁለቱን ታሞ፣ ሦስቱን ቤተሰቦቹ ለቤት ውስጥ ሥራ ይዘውት ቀረ። ይህንን ጻፊ። «ለሁለት ወር ደገፍኩት» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግርም፤ 31 ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ማለትም ከ10 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ትምህርት ብትዪ ግን ሌላ መምህር ደግሞ ሊሞክረው ይችላል።

ውጤቱ ይኸው። የመጀመሪያው ምድብ ከመጀመሬ በፊት 3፣ 3፣ 4 ነበር። በሦስቱ የትምህርት ሳምንታት 6፣ 9፣ 11 ሆነ። በነዚያው ሳምንታት ያላስተማርኩት ሁለተኛው ምድብ 3፣ 3፣ 4 ላይ ቆሞ ቆየ፤ ተራው ደርሶ ሳስተምረው 7፣ 10፣ 11 አለ። እስከዚህ ድረስ የፈለግኩት ነበር።

ሦስተኛው ምድብ ግን አሳፈረኝ። ገና ሳላስተምረው፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከ2 ወደ 5 ዘለለ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሳይ ያደጉት «ሽ» እና «ች» ብቻ ናቸው። «ስ»ን ያወቀ ልጅ አናቷ ላይ መስመር የተጨመረባትን «ሽ» ለምን ያቅተዋል? «ት» እና «ች»ም እንደዚያው። ሁለቱን ከእናቶቻቸው ጋር በአንድ ምድብ ማድረግ ነበረብኝ። ሪፖርቱ ላይ አልደበቅኩትም፤ የሁለቱን ፊደላት ውጤት ለይቼ አወጣሁና የቀሩት አራቱ እስከ ሰባተኛው ሳምንት እንዳልተነሡ አሳየሁ። አንቺ ስትከፍዪ ስ ከ ሽ፣ ት ከ ች፣ ን ከ ኝ፣ ድ ከ ጅ፣ ዝ ከ ዥ፣ ጥ ከ ጭ አብረው ይግቡ።

ወደ ንባቡ ስመለስ፣ በመጨረሻው ሳምንት በሦስት ቀን በአዳዲስ ምንባቦች 22፣ 24፣ 27 ቃል በደቂቃ አነበበ። መነሻው 8 ነበር። ከ5 ጥያቄ 3፣ 2፣ 3 መለሰ። ከአራት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ሳድሶቹን ሳላስጠናው ስፈትነው ሦስቱ ምድቦች 11፣ 10 እና 9 ላይ ነበሩ፤ ጥቂት ወርዷል፣ አልጠፋም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው ብዙ ጊዜ ከተማሪዎች ጽሑፍ የሚጎድለው። ያንኑ ምንባብ ከክፍሉ መካከለኛ የሆኑ ሦስት ልጆች ሲያነቡት በደቂቃ ከ38 እስከ 45 ቃል አነበቡ። ስለዚህ ምናሉ በሦስት እጥፍ አደገ ብዬ ብቻ ብዘጋው አንባቢዬን አታለልኩት፤ አሁንም ጓደኞቹ ጋ አልደረሰም። ዲክቴሽኑ ደግሞ ከንባቡ ኋላ ቀርቷል፤ ሳድስ ከሚያስፈልጉት 15 ቦታዎች መጀመሪያ 4፣ መጨረሻ 7 ብቻ በትክክል ጻፈ። አይቶ መለየትና ከራሱ አውጥቶ መጻፍ የተለያየ ነገር መሆኑን ከዚያ ተማርኩ፤ በቀን 4 ቃል መጻፍ አልበቃም። ያላደገውን ጻፊ፣ ቁጥሩንም አስቀምጪ። ገምጋሚ ያደገውን የሚያምንልሽ ያላደገውን ሲያይ ነው።

የቆጠርሽውንም አንድ ሰው ያይልሽ። አንቺ ልጁ እንዲያድግ ትፈልጊያለሽና ጆሮሽ ያዳላል፤ የእኔም አዳልቶ ነበር። ንባቡን በስልክ ቅረጪና ልጁን የማያውቅ ባልደረባሽ ከወረቀቱ ጋር ብቻውን ይቁጠረው። ከ50 ቃላት በ47ቱ ከተስማማችሁ 94 በመቶ ነው፣ ይበቃል። ከዚያ በጣም ካነሰ ደንባችሁን ተነጋግራችሁ አስተካክሉ። ለቅጂው ከእናት ወይም ከአባቱ ፈቃድ ውሰጂ፤ ጥናቱ ሲያልቅም አጥፊው። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የቀበሌውንና የአባቱን ሥራ ከጻፍሽ የሰፈሩ ሰው ልጁ ማን እንደሆነ ያውቃል። «ወንድ፣ 9 ዓመት፣ 3ኛ ክፍል፣ የቤት ቋንቋው አማርኛ» ለጥናትሽ ይበቃል።

«ዲስሌክሲያ አለበት» የሚል ሐረግም እንዳይገባ። ያንን የምንለው አንቺና እኔ አይደለንም፤ ልጁ ላይ ግን ተለጥፎ ይቀራል። «ሰነፍ»፣ «ትኩረት የሌለው» የሚሉትንም አውጫቸውና ያየሽውን ጻፊ፦ «ሳድስ ፊደል ሲያይ ከግዕዙ ጀምሮ በሹክሹክታ ይቆጥራል።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ድጋፉ ምን መሆን እንዳለበት ይነበባል፤ ከ«ሰነፍ» ምንም አይነበብም።

12ቱ ገጽ ብዙ ነው። የልጁ ታሪክ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ምዘናውና የስሕተቱ ትንተና ሦስት ገጽ ቢወስድ አይበዛበትም፣ የጽሑፉ ልብ እርሱ ነውና። ድጋፉን ሌላ መምህር ሳይጠይቅሽ ሊደግመው በሚችልበት ዝርዝር በሁለት ገጽ ጻፊው። ውጤቱን በሰንጠረዥ ከመደርደር ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእጅሽ ሳዪው፤ ወደ ጎን ቀኖቹ፣ ወደ ላይ ነጥቡ፣ ሦስቱ ምድቦች አንዱ ከሌላው በታች፣ ትምህርቱ የተጀመረበት ሳምንት ላይ ቀጥ ያለ መስመር። በመጨረሻው አንቀጽ ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ መሆኑንና ለክፍሉ ሁሉ ይሠራል ማለት እንደማትችዪ ጻፊ።

በዚህ ሳምንት የሚያስፈልግሽ 6 ምንባብ፣ 100 የተዘበራረቁ ፊደላት ያሉበት አንድ ወረቀት፣ 50 ቃላት፣ ካርዶች እና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ነው። ሦስቱን የመነሻ ቀናት ከጨረስሽ በኋላ ቁጥሮቹን ስሕተቱ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ይዘሽ አማካሪሽ ጋ ሂጂ፤ ማስተማር ሳትጀምሪ ይዩልሽ። መነሻው ገና ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ሁለት ቀን ጨምረሽ ለኪና እስኪረጋ ጠብቂ።